ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ለመምህሩ የሚላክ መልእክት፦ መቼ፣ ለማን፣ ምን ተብሎ?

ባለፈው ኅዳር ልጄን ጆሮ ደግፍ ያዛት። እሑድ ኅዳር 14 ጠዋት ስትነሳ አንድ ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር አብጦ ነበር፣ ማታ ላይ ሌላኛውም ተከተለ። ሐኪሙ እብጠቱ ከጀመረ በኋላ አምስት ቀን ከልጆች ጋር እንዳትቀላቀል ነገረን። ስለዚህ ከሰኞ 15 እስከ ዓርብ 19 ሙሉ ሳምንቱን ቤት ዋለች። 4ኛ ክፍል ናት፣ ረቡዕ ዕለት ደግሞ ከ10 የሚያዝ የሒሳብ ፈተና ነበራቸው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለመምህሯ በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰላም ቲቸር፣ ልጄን አሟት ነው የቀረችው። ምን ምን አመለጣት?»

መልሱ ማታ መጣ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ልክ ናት። ከ50 በላይ ልጆች ያሉበት ክፍል ይዛ፣ ሌላ ክፍልም ገብታ እያስተማረች፣ የእኔን ስልክ ቁጥር በቃሏ እንድታውቅ ነበር የጠበቅኩት። ቴሌግራሜ ላይ ያለው ስም ደግሞ የባሌ ቅጽል ስም ነው። በዚያ ላይ «ምን አመለጣት?» የሚለው ጥያቄ ገና ምንም ባላመለጣት በመጀመሪያው ቀን የተጠየቀ ነው። ከዚያ በኋላ እየተስተካከልኩ የጻፍኳቸውን፣ የሠሩትን ብቻ፣ በየተራ ላሳያችሁ። (የልጄን ስም እዚህ ሊያ ዳዊት ብዬ ቀይሬዋለሁ።)

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መልእክቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ልጁ መቅረቱን ያሳውቃል፤ የሚላከውም በቀረበት ቀን ጠዋት ነው። ሁለተኛው ያለፈውን ትምህርት ይጠይቃል፤ እሱ የሚላከው ልጁ ሊመለስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጨምቋቸው መምህሯ የመጀመሪያውን ታነብና «ይማርልን» ብላ ታልፋለች፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል።

ለማን ነው የሚላከው?

ለክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ማለትም ለሆም ሩም ቲቸሩ። ስም የሚጠራውና የቀሪ መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። የሒሳብ መምህሩ ልጃችሁ መቅረቷን ያስተውል ይሆናል፣ ግን መዝገቡ እሱ ጋ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የፈተና ውጤት ያለው የየትምህርቱ መምህር ጋ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት ሁልጊዜ ለክፍል ኃላፊው ይሄዳል። ሁለተኛውን ደግሞ ለእሱ ልካችሁ «ለሒሳብ መምህሩ እርስዎ ይነግሩልኛል ወይስ እኔ ልደውል?» ማለት ይቻላል። እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፣ ጠይቆ ማወቅ ይሻላል።

በምን ይላካል? ትምህርት ቤቱ በለመደው መንገድ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የመገናኛ ደብተር አላቸው፣ ግን ልጅቷ ቤት ተኝታ ደብተሩ ብቻውን አይሄድም፤ ስለዚህ በስልክ ጽሑፍ ወይም በቴሌግራም ነው። መምህሩ ስልኩን ለወላጅ የማይሰጥበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ እዚያው የሚማር ታላቅ ወንድም ወይም የሰፈር ልጅ የያዘው፣ የተፈረመበት ቁራጭ ወረቀት በደንብ ይሠራል። እሱም ካልሆነ ቢሮ ደውሎ ለጸሐፊዋ መናገር ነው።

የወላጆች ግሩፕ ላይ ግን አትጻፉ። እኔ ሳልጽፍ አንዷ እናት «የ4ኛ ቢዋን ልጅ ጆሮ ደግፍ ያዛት አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠይቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግሩፑ የባህል መድኃኒት መማከሪያ ሆነ። መልእክቴን እዚያ ጽፌው ቢሆን ኖሮ መምህሯ በዚያ ሁሉ ውስጥ ፈልጋ ማግኘት ነበረባት። የልጃችሁ ሕመምም የሁሉም ወሬ መሆን የለበትም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። እዚያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቀሪን የሚመዘግበው ቢሮው ነው፣ መልእክት የሚቀበልበት የራሱ ስልክ ወይም ድረ ገጽ አለው። ለመምህሯ ብቻ ጽፎ መተው ቀኑ ያለ ፈቃድ እንደቀረች ተደርጎ እንዲመዘገብ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ መቅረቷን ለቢሮው፣ ስለ ትምህርቱ ደግሞ ለመምህሯ ትጽፋላችሁ።

የመጀመሪያው መልእክት

ስም ከመጠራቱ በፊት ይድረስ። ትምህርት 2፡15 የሚጀምር ከሆነ 1፡30 አካባቢ ጥሩ ነው። ልጁ ሌሊት ቢታመም እንኳ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አትላኩ፣ ጽፋችሁ አስቀምጡትና ሲነጋ ላኩት።

ውስጡ አራት ነገር በቂ ነው። የልጁ ስም ከነአባቱና ከነክፍሉ፣ የቀረበት ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የሚቀርባቸው ቀናት፣ የሚመለስበት ቀን። ሰኞ ጠዋት መላክ የነበረብኝ፣ ከ«ማን ልበል?» በኋላ አስተካክዬ የላክሁት ይህ ነበር፦

«ሰላም መምህርት፣ እንደምን አደሩ? የ4ኛ ቢ ተማሪ የሊያ ዳዊት እናት ነኝ። ሊያን ጆሮ ደግፍ ይዟታል። ሐኪም እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቤት እንድትቆይ አዟል፣ ሰኞ ኅዳር 22 ትመለሳለች። የሐኪም ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ፣ ዋናውን ስትመለስ ይዛ ትመጣለች። ተላላፊ ስለሆነ አጠገቧ ለሚቀመጡት ልጆች ወላጆች መንገር ካስፈለገ ይንገሯቸው። አመሰግናለሁ።»

ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል የለውም። ሆን ብዬ ነው፣ መምህሯ ክፍል ልትገባ ስትል የምታነበው ስለሆነ ቶሎ አንብባ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይማራት» ብላ መመለስ ከቻለች ሥራው አልቋል።

የሕመሙን ስም መጻፍ ያስፈልጋል ወይ? ተላላፊ ከሆነ አዎ። ጆሮ ደግፍ፣ ኩፍኝ፣ ጉድፍ የመሳሰሉት በስማቸው ይጠሩ። ጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከመታየቱ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። ይህ ማለት ሊያ ዓርብ ዕለት ደህና መስላ አንድ ዴስክ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ስትቀመጥ በሽታውን ልታጋባት ትችል ነበር። መምህሯ ይህን ካወቀች ሌላ ልጅ ጉንጩን ይዞ «ያመኛል» ሲል ወዲያው ትጠረጥራለች። ተላላፊ ካልሆነ ግን «አሟታል» ይበቃል። ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት መዘርዘር አያስፈልግም፣ መምህሯም ቁርሷን ገና እየበላች ሊሆን ይችላል።

የምትመለስበትን ቀን ካላወቃችሁስ? «ነገ ማታ ሁኔታዋን አይቼ አሳውቅዎታለሁ» በሉ። ከዚያ በእርግጥ አሳውቁ። ብዙዎቻችን የምንሰንፈው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ምንም ካልተባለ መምህሯ ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀየረች ወይ ብላ መጠየቅ ትጀምራለች።

ምክንያቱ ሕመም ባይሆንስ? ለቅሶ ከሆነ ለቅሶ ነው በሉ፦ «አያቷ ስላረፉ ወደ ደሴ ሄደናል፣ ሐሙስ እንመለሳለን።» ሰርግ ከሆነም ሰርግ። ስለ አንድ ዘመዴ ልንገራችሁ። ለሁለት ቀን ሰርግ ክፍለ ሀገር ወስዶት የነበረ ልጁን «በጣም አሞት ነበር» ብሎ ጻፈ። ልጁ ሲመለስ መምህሩ በደግነት «ተሻለህ?» ሲለው፣ «አልታመምኩም፣ ሚዜ ነበርኩ!» አለና ሱፉን ለክፍሉ ሁሉ ተረከ። ዘመዴ ከዚያ ወዲህ ልጁ የእውነት ሲያመውም ወረቀት አምጣ ይባላል።

ስለ ወረቀቱ ካነሳን፦ የሐኪም ወረቀቱን እዚያው ክሊኒክ እያላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ራሱ አስታውሶ ላይሰጣችሁ ይችላል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ስትጠይቁ ደግሞ ወደኋላ ቀን ቆጥሮ መጻፍ አይፈልግም፣ ልክም ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ የልጁ ሙሉ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እረፍት እንደተሰጠ፣ ማኅተም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማኅተሙ ነው። ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈም ተመልከቱ። የእኛ ወረቀት ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፣ ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ደግሜ ጻፍኩት። የቀን ስሙን፣ «ሰኞ»፣ «ዓርብ» እያላችሁ አብራችሁ ብትጽፉ ማንም አይሳሳትም።

ሁለተኛውን ከመጻፋችሁ በፊት

«ምን አመለጣት?» የሚለው ጥያቄ መጥፎ የሆነው ነውር ስላለበት አይደለም። መልሱ ረጅም ስለሆነ ነው። አምስት ቀን ማለት በቀን ስድስት ሰባት ክፍለ ጊዜ እየተባዛ ከ30 እስከ 35 ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሯ ያንን ሁሉ በስልኳ ቁጭ ብላ አትጽፍላችሁም። ግማሹን ደግሞ ያስተማሩት ሌሎች መምህራን ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለ መምህሯ ሊታወቅ የሚችለውን እወቁ። ሐሙስ ማታ የሊያ ዴስክ ተካፋይ እናት ጋ ደወልኩ። የልጇን ደብተሮች ፎቶ እያነሳች 11 ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ ላይ የወጥ ጠብታ አለበት፣ አንዱ ደግሞ ተገልብጧል፣ ግን ይነበባል። ከሊያ ጋር ተቀምጠን ከነበረን ደብተር ጋር አስተያየነው።

እንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ኖትና አንድ የቤት ሥራ፤ ይህንን ራሷ ትገለብጣለች። አማርኛ ምንባብ አንብበው ጥያቄ መልሰዋል፤ መጽሐፉ ቤት አለ። አካባቢ ሳይንስ አንድ ገጽ ኖትና በቡድን የሚሳል ሥዕል፤ ሊያ በየትኛው ቡድን እንዳለች ጓደኛዋ አታውቅም። ሒሳብ ክፍልፋይ ማወዳደር ላይ ሦስት መልመጃ፣ ከዚያ የረቡዑ ፈተና። አንድ ወርክሺት ደግሞ «ተሰብስቧል» ተብሎ ደብተሩ ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ከመምህሯ ውጭ ማንም የማይመልሰው ሦስት ነገር ብቻ ቀረ። ፈተናው፣ ወርክሺቱ፣ የቡድን ሥራው። ሌላው ሁሉ የእኛ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጓደኛ ደብተር ስሕተት ይኖረዋል። የሒሳቡ ገጽ ላይ አንድ መልስ በቀይ ተሰርዟል፣ ማስተካከያው ግን የለም። ኖት ገልብጡ እንጂ የተሠሩ መልሶችን አትገልብጡ፤ መልመጃውን ልጅቷ ከመጽሐፉ ራሷ ትሥራው።

ሁለተኛው መልእክት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ላክሁት፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ። እሑድ ማታ መላክ ዋጋ የለውም፣ መምህሯ መልስ ብትሰጥ እንኳ ለማዘጋጀት ጊዜ የላችሁም። አሁን ሳስበው ሐሙስ ብልከው የበለጠ ይሻል ነበር፣ ዓርብ ዕለት ወርክሺቱን ለጓደኛዋ ትሰጥልኝ ነበር።

«ሰላም መምህርት፣ እንዴት ዋሉ? የ4ኛ ቢዋ የሊያ ዳዊት እናት ነኝ። ሊያ ተሽሏታል፣ እብጠቱም ጠፍቷል፣ እንዳልኩዎት ሰኞ ኅዳር 22 ትመጣለች። የእንግሊዝኛ፣ የአማርኛና የአካባቢ ሳይንስ ኖት ከጓደኛዋ አግኝተን እየገለበጠች ነው። የሒሳብ መልመጃዎቹንም ጀምራለች። ሦስት ነገር ብቻ ቢነግሩኝ፦
1. የረቡዑን የሒሳብ ፈተና መቼ ልትፈተን ትችላለች?
2. የተሰበሰበው ወርክሺት ተጨማሪ ቅጂ አለ? ካለ ሰኞ ሠርታ ብታስረክብ ይያዝላታል?
3. በአካባቢ ሳይንስ ሥዕል የትኛው ቡድን ውስጥ ናት?
ስለሚያደርጉላት ሁሉ አመሰግናለሁ።»

መልሱ በዚያው ምሽት ደረሰኝ፦ «1 ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት። 2 ሰኞ እሰጣታለሁ ማክሰኞ ትመልስ። 3 ቡድን 4። መልመጃው ሁሉ አያስፈልግም 2ኛው ብቻ ይበቃል።» ይኸው ነው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ። አልጠየቅኳትም። ግን ሊያ መልመጃዎቹን እንደጀመረች ስላነበበች ራሷ ቀነሰችልን። ምን እየሠራችሁ እንደሆነ በአንድ መስመር መጻፍ ጥቅሙ ይህ ነው፣ መምህሯ ከየት መጀመር እንዳለባት ታውቃለች።

ቁጥር መስጠቱ ቀዝቃዛ ይመስላል ብላችሁ አትፍሩ። በስልክ ለሚመልስ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ከሦስት በላይ ግን አታድርጉት። አምስት ስድስት ከሆነ ጽሑፉን ተዉትና በእረፍት ሰዓት መደወል እንደሚቻል ጠይቁ።

አባባል ላይም ትንሽ ጥንቃቄ። መምህሯ የታናሽ እህታችሁ እኩያ ብትሆንም «እርስዎ» በሉ፣ በጽሑፍ «አንቺ» ሲባል ያልታሰበ ንቀት ይመስላል። «ትፈተንልኝ» እና «መቼ ልትፈተን ትችላለች?» ደግሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ማካካሻ ፈተና መኖሩን እንደ ተራ ነገር ይዞ ቀኑን ብቻ ይጠይቃል፣ ለመምህሯም ቀላል ነው። «ልጄ ሁሌ አንደኛ ስለሆነች ውጤቷ እንዳይነካ» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት። የመጨረሻው ልጅም ፈተና ካመለጠው እኩል ያሳስባል።

ድምፅ ቀድታችሁ አትላኩ። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ የወላጅ ድምፅ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ማን ከፍቶ ያዳምጣል? ቀንና ቁጥር ተመልሶ የሚፈለገው በጽሑፍ ነው። ይህ በኋላ እንዴት እንደጠቀመኝ እነግራችኋለሁ።

መልስ ካልመጣ

መጀመሪያ እንደደረሰ እዩ። አንድ ምልክት ብቻ ካለው አልተነበበም፣ የመምህሯ ዳታ አልቆ ይሆናል። እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ጠብቁና በተራ የስልክ መልእክት አሳጥራችሁ ላኩት። «ከላይ የላኩትን አላዩትም?» አትበሉ፣ ጥያቄውን ራሱን ድገሙት። ያም ካልሠራ ሦስቱን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ልጅቷ በተመለሰች ቀን ራሷ እንድትሰጥ አድርጉ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ባዶ መስመር ተዉ፣ መምህሯ እዚያው ጽፋ ትመልስላችኋለች። ዩኒት ሊደር ወይም ርእሰ መምህር ጋ መሄድ ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሄዳችሁ መምህሯ እንደተከሰሰች ነው የምትቆጥረው።

ከ20 ቀን በላይ የሚያስቀር ሕመም ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ ከክፍል ኃላፊውና ከዩኒት ሊደሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የትኛው ምዘና እንደሚተካና የትኛው እንደሚታለፍ በጽሑፍ ያዙ።

ከተመለሰች በኋላ

ሰኞ ዋናውን የሐኪም ወረቀት በፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ ሰጠኋት፣ ለማን እንደምትሰጥም ነገርኳት። ልጅ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ ሳምንት ሊያቆየው ይችላል፣ ስለዚህ ማታ «ሰጠሻት?» ብላችሁ ጠይቁ። ማክሰኞ ተፈተነች። ማታ ለመምህሯ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ሊያ ዛሬ የሒሳብ ፈተናውን እንደተፈተነች ነግራኛለች፣ አመሰግናለሁ።» ምስጋና ነው፣ ግን ፈተናው በየትኛው ቀን እንደተሰጠም ተጽፎ ይቀራል።

ታኅሣሥ ላይ የተከታታይ ምዘና ውጤት ለወላጅ ሲመጣ የሒሳቡ ሁለተኛ ፈተና ላይ 0 ተጽፏል። ባዶ ቦታና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶ ማለት ገና አልተሞላም ነው፣ ዜሮ ግን ተደምሮ ውጤቷን ያወርደዋል። የተፈጠረውን መገመት ቀላል ነው፣ ረቡዕ የቀሩት ሁሉ ዜሮ ተሞላላቸው፣ የማክሰኞው ወረቀት ደግሞ ለብቻው ሌላ ፋይል ውስጥ ቀረ። የማክሰኞ ማታዋን መልእክት እዚያው ቴሌግራሙ ላይ መልስ አድርጌ ከሥሯ ጻፍኩ፦ «መምህርት፣ ይህ ፈተና ሳይሞላ የቀረ መሰለኝ፣ ሲመችዎ ቢያዩልኝ።» በማግስቱ ተስተካከለ።

ከ10 ሰባት አምጥታለች። ሦስቱን ያጣችው ክፍልፋይ መደመር ላይ ነው። እሱን ደግሞ የተማሩት ጆሮ ደግፍ ከመያዙ በፊት ነው።